ከምርቃት ወደ ዓመታዊ ተመላሽ፡ የቡታጅራና የወልቂጤ ነጋዴ ከጅምላ አቅራቢው ምን ይጠይቅ?

መርካቶ ሄዶ ሃያ ካርቶን ዕቃ የገዛ የክፍለ ሀገር ነጋዴ “ምርቃቱስ?” ብሎ ቢጠይቅ የሚገረም የለም። ጅምላ ሻጩም አጉረምርሞ አንድ ካርቶን ያክልለታል፣ ወይም ከሒሳቡ ላይ ጥቂት መቶ ብር ይተውለታል። ያው ነጋዴ ግን ዓመቱን ሙሉ ከዚያው ሱቅ ሲገዛ ከርሞ፣ “ዘንድሮ ስድስት ሚሊዮን ብር ያህል ገዝቼዎታለሁ፣ በጠቅላላው ላይ ምን ያስቡልኛል?” ብሎ ሲጠይቅ እምብዛም አይሰማም። ምርቃት የአንድ ቀን ግዥ ጉዳይ ነው። ዓመታዊ ተመላሽ፣ ብዙዎች “የዓመት ቦነስ” የሚሉት፣ የአሥራ ሁለት ወር ግዥ ተደምሮ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አቅራቢው ከዋጋው ላይ የሚመልሰው ገንዘብ ነው።

ጉዳዩ በተለይ የሚመለከተው እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ ከተሞች ሱቅ ከፍተው ዕቃቸውን ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ነጋዴዎችን ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል የሆነችው ቡታጅራም 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ከአዲስ አበባ ይርቃሉ። ጠዋት ወጥቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ ማታ መመለስ ይቻላል። ከዚህም በላይ ብዙ ጊዜ ሻጩና ገዥው የአንድ አካባቢ ልጆች፣ አንዳንዴም ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ዕቁብ የሚጥሉም አይታጡም። ይህ ቅርበት ዱቤ ያስገኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ስምምነትን በወረቀት ማስፈርን የሚያሳፍር ያደርገዋል። “አላመንከኝም እንዴ?” የምትለዋን ጥያቄ ፈርቶ ገንዘቡን የሚተው ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

ጥያቄው የሚቀርበው መቼ ነው?

የተለመደው ስህተት ዓመቱ ካለቀ በኋላ መጠየቅ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ ላይ ሄዶ “ያለፈውን ዓመት አስቡልኝ” ማለት ልመና እንጂ ድርድር አይሆንም፤ አቅራቢው ዕቃውን ሸጧል፣ ትርፉን ቆጥሯል፣ ቃል የገባውም ነገር የለም። አመቺው ጊዜ ግንቦትና ሰኔ ነው። የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ወር ግዥ በእጅ ስላለ የዓመቱን ማወቅ ይቻላል፤ አቅራቢውም ስለ መጪው ዓመት ማሰብ የጀመረበት ወቅት ነው።

ለጉራጌ ከተሞች ነጋዴ ሰኔን የሚያስቸኩል ሌላም ምክንያት አለ። ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚመለሰው ሰው ቤት ያድሳል፣ ቆርቆሮ ይቀይራል፣ ቀለም ይቀባል። ለዚያ የሚሆነው ዕቃ የሚገዛው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ነው። ስምምነቱ ከመስከረም በኋላ ከተፈረመ የዓመቱ ትልቁ ግዥ ከቁጥር ውጭ ይቀራል ማለት ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች የሚሰባሰቡበት አረፋ በበኩሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ ሁለት ዓመታትን በወር በወር የሚያነጻጽር ሰው ይህንን ልብ ማለት አለበት።

ማስረጃው ደረሰኝ ነው

በጠቅላላ ግዥ ላይ የሚጠየቅ ገንዘብ ጠቅላላ ግዥውን ማሳየት ይጠይቃል። ብዙው ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ግማሹን ዕቃ በደረሰኝ፣ ግማሹን ያለ ደረሰኝ የገዛ፣ ወይም ከከፈለው ያነሰ ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ የተቀበለ ነጋዴ፣ ስድስት ሚሊዮን ገዝቻለሁ ቢልም ወረቀቱ የሚናገረው ሦስት ሚሊዮን ነው። አቅራቢው በቃል ቢያምነው እንኳ ባልመዘገበው ሽያጭ ላይ ተመላሽ ሊጽፍ አይችልም። በሌላ አነጋገር በየጊዜው በደረሰኝ ላይ “የተረፈችው” ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ላይ የምታስከፍለው ዋጋ አላት፤ የሕግ ተጠያቂነቱን ሳንቆጥር።

ሁለተኛው ችግር የስም ነው። አንድ ጊዜ በራስ፣ አንድ ጊዜ በወንድም፣ አንድ ጊዜ በቀድሞው ንግድ ፈቃድ የተገዛ ዕቃ በአቅራቢው መዝገብ ላይ የሦስት ደንበኞች ግዥ ሆኖ ይታያል። በመሆኑም ከመጠየቅ በፊት ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ማደርደር፣ በየትኛው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንደተቆረጡ መለየት፣ ከዚያም አቅራቢው የራሱን የሒሳብ መግለጫ እንዲሰጥ ጠይቆ ሁለቱን ማመሳከር ያስፈልጋል። ልዩነት ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የተመለሰ ዕቃ፣ ተሰብሮ የተቀየረ ሴራሚክ ወይም በገዥው ደብተር ከዕቃው ዋጋ ጋር የተደመረ የመኪና ኪራይ ሆኖ ይገኛል።

ከመጀመሪያዋ ብር ወይስ ከትርፉ ላይ?

ለስሌት እንዲመች ቡታጅራ ውስጥ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር እናስብ። ባለመደብሩ ከአንድ የአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የፕላስቲክ ቧንቧና የሳኒተሪ ዕቃ ይገዛል። ያለፈው ዓመት ግዥው ያለ ቫት 4.8 ሚሊዮን ብር ነበር። ለመጪው ዓመት ከሻጩ ጋር እንዲህ ተስማሙ፤ ግዥው 5 ሚሊዮን ሲሞላ 1 በመቶ፣ 6 ሚሊዮን ሲሞላ 1.5 በመቶ ይመለሳል። ዓመቱ ሲያልቅ ግዥው 6.2 ሚሊዮን ብር ደረሰ። ስንት ይመለስለት?

ባለመደብሩ ያሰበው 6.2 ሚሊዮኑ በሙሉ በ1.5 በመቶ ተባዝቶ 93,000 ብር እንደሚሆን ነው። ሻጩ ያሰበው ግን ሌላ ነው። በእሱ ስሌት የመጀመሪያው 5 ሚሊዮን ምንም የለውም፤ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ባለው ላይ 1 በመቶ፣ ማለትም 10,000 ብር፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ባለው 200,000 ላይ ደግሞ 1.5 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ብር ይታሰባል። ድምሩ 13,000 ብር ነው። ሁለቱም ሰዎች አልዋሹም፤ የተጨባበጡበት ቃል ሁለቱንም ትርጉም ይይዛል። የ80,000 ብሩን ልዩነት የሚዘጋው አንድ ሐረግ ነው፤ “መቶኛው የሚታሰበው ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ በጠቅላላው ግዥ ላይ ነው” የሚል።

ሌላው ቶሎ የሚረሳ ነገር ቫት ነው። ስድስት ሚሊዮን የተባለው ቫትን ጨምሮ ከሆነ ያለ ቫት 5.217 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል፤ ለገዥው የቀለለ ደረጃ ነው። መቶኛው የሚሰላው ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ቫት በሆነው ዋጋ ላይ ስለሆነ የደረጃውም የመቶኛውም መለኪያ አንድ ዓይነት መሆኑ በጽሑፍ ቢቀመጥ ይሻላል።

የትኞቹ ዕቃዎች ይቆጠራሉ የሚለውም አስቀድሞ ይነገር። ሲሚንቶና ፌሮ የሻጩ ትርፍ የሚሳሳባቸው ዕቃዎች ናቸው፤ ሻጩ እነሱን ከቦነሱ ሊያወጣቸው ቢፈልግ አይፈረድበትም። ሆኖም መቶኛው ባይታሰብባቸው እንኳ ደረጃውን ለመሙላት እንዲቆጠሩ መጠየቅ ይቻላል። በቀለም፣ በሴራሚክና በሳኒተሪ ዕቃዎች ላይ ግን መደራደሪያ ቦታ አለ። ሻጩ ራሱ ከፋብሪካው ወይም ከአስመጪው በመጠን የሚታሰብ ቦነስ የሚያገኝባቸው ዕቃዎች ካሉ፣ ከዚያ ውስጥ ለገዥው ድርሻ መጠየቅ ከትርፉ ላይ እንዲቆርስ ከመጠየቅ የቀለለ ነው።

ተመላሹ በምን ይተካል?

ሻጩ “ቦነሱን እሰጥሃለሁ፣ ዱቤው ግን ይቅር” ካለ ቆም ብሎ ማስላት ይገባል። ባለመደብራችን እስካሁን በ30 ቀን ዱቤ ይገዛ ነበር፣ ከባንክ ቢበደር ደግሞ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ይከፍላል እንበል። የአንድ ወር ዱቤ ዋጋ የዓመቱ ወለድ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም 1.5 በመቶ ነው። በ6.2 ሚሊዮን ላይ ሲሰላ 93,000 ብር፤ ከቦነሱ ጋር እኩል። ልዩነቱ ዱቤው በእያንዳንዱ ግዥ ላይ ወዲያው የሚገኝ መሆኑ ነው፤ ቦነሱ ዓመት ያስጠብቃል፣ ደረጃው ካልተሞላም ጭራሽ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ልውውጥ የሚቀበል ነጋዴ ያገኘ መስሎት ያጣል።

ዋጋ በሚንርበት ጊዜ መዘግየቱ ራሱ ገንዘብ ይበላል። ሐምሌ ላይ በተገዛ ዕቃ ላይ የታሰበ ተመላሽ ዓመት ቆይቶ ሲከፈል ያኔ የሚገዛውን ያህል አይገዛም። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ቅድሚያ ተመላሽ ተከፍሎ ሰኔ ላይ እንዲወራረድ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአንጻሩ ሻጩም የሚፈራው ነገር አለ። የብር የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ሲወጣ፣ ያንኑ ያህል ካርቶን የገዛ ደንበኛ በብር ሲሰላ እጅግ ብዙ የገዛ ይመስላል። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ደረጃውን በብር ሳይሆን በመጠን፣ ማለትም ሴራሚኩን በካሬ ሜትር፣ ቀለሙን በጋሎን መለካት ለሁለቱም ፍትሐዊ ነው። ጥቂት ዓይነት ዕቃ ብቻ ለሚገዛ ሰው ይህ ይሠራል፤ ሁለት መቶ ዓይነት ዕቃ ለሚገዛ ግን ቆጠራው አድካሚ ነው፣ ዋጋ በተወሰነ መጠን ሲለወጥ ደረጃው እንዲከለስ መስማማት ይቀላል።

“ከእኔ ብቻ ግዛ”

የታማኝነት ቦነስ የሚባለው ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ሻጩ መቶኛውን ከፍ አድርጎ በምላሹ ከሌላ እንዳይገዛ ይጠይቃል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። ከእንግሊዝ ወደ ካልካታ ዕቃ ያጓጉዙ የነበሩ የመርከብ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1877 የጀመሩት ስልት ይኸው ነበር፤ ከማኅበሩ መርከቦች ውጭ ያልጫነ ነጋዴ ከኪራዩ 10 በመቶ ይመለስለታል፣ ግን ከወራት በኋላ፤ በመሀል አንዴ በሌላ መርከብ ከጫነ ይቀርበታል። ገንዘቡ በሻጩ እጅ የተያዘ መያዣ ሆኖ ደንበኛውን ያስር ነበር።

በእኛ ሁኔታ የዚህ ውል አደጋ የዕቃ መጥፋት ነው። የውጭ ምንዛሪ ያጣ አስመጪ ሁለት ወር ሴራሚክ ላያመጣ ይችላል። በዚያ ጊዜ ከሌላ የገዛው ባለመደብር ቦነሱን ያጣል፣ ካልገዛ ደግሞ ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይግቡ፤ አንደኛ፣ በጽሑፍ ታዝዞ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ያልቀረበ ዕቃ ለደረጃው እንደተገዛ ይቆጠራል፤ ሁለተኛ፣ ያንን ዕቃ ከሌላ መግዛት ቦነሱን አያስቀርም። ትዕዛዙ በስልክ ብቻ ከተነገረ ግን ማስረጃ የለም፤ ቢያንስ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልዕክት ይላክ።

ሌላው ወጥመድ ተመላሹን አስቀድሞ መብላት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 የጎማ አምራቹን ሚሽሊን በፈረንሳይ በነበረው የተመላሽ አሠራር 19.76 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ፣ ከተነሱት ነጥቦች አንዱ ጎማ ቸርቻሪዎቹ ተመላሹን የሚያገኙት ዓመቱ ካለቀ በኋላ በየካቲት ስለነበር፣ ሲሸጡ ትክክለኛ የግዥ ዋጋቸውን አለማወቃቸው ነበር። የእኛም ነጋዴ ፉክክር ሲበረታበት “ቦነሱ ይሸፍነዋል” ብሎ የመሸጫ ዋጋውን በ1.5 በመቶ ከቀነሰና ግዥው 4.9 ሚሊዮን ላይ ከቆመ፣ የቀነሰው ሁሉ ከኪሱ የወጣ ነው።

የሰኔ ጥድፊያ

ሰኔ አጋማሽ ላይ ደረጃው ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰው ልቡ ይቆማል። ባለመደብራችን 5.85 ሚሊዮን ላይ ነው እንበል። አሁን ቢቆም 1 በመቶ፣ 58,500 ብር ያገኛል። 150,000 ብር ጨምሮ ቢገዛ 6 ሚሊዮን ሞልቶ 90,000 ብር ይሆንለታል፤ ጭማሪው 31,500 ብር ነው። ዕቃው አራት ወር መጋዘን ቢቀመጥ እንኳ በ18 በመቶ ወለድ የሚያስወጣው 9,000 ብር ስለሆነ ግዥው ያዋጣል።

የጎደለው 900,000 ቢሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከ51,000 ወደ 90,000 ከፍ ማለት 39,000 ብር ያስገኛል፤ 900,000 ብር ለአራት ወር ማሰር የሚያስወጣው ወለድ ግን 54,000 ብር ነው። የሚገዛው ዕቃም ይመረጥ። ቧንቧና ሴራሚክ ክረምቱን ያለ ችግር ይከርማሉ። ሲሚንቶ ግን በክረምት እርጥበት ወራትን ቆይቶ ከጠጠረ ቦነሱንም ዋናውንም ይዞ ይሄዳል።

አጠያየቁና ወረቀቱ

ጥያቄው ሲቀርብ ሻጩ የሚያገኘው ነገር መቅደም አለበት። “ጋሼ፣ አምና 4.8 ሚሊዮን ገዝቼዎታለሁ፤ ደረሰኞቹ እነዚህ ናቸው። ዘንድሮ ሳኒተሪውንም ከሌላ ከምገዛ ወደ እርስዎ ላዞረው አስቤያለሁ፣ ስድስት ሚሊዮን ይሞላል። ስድስት ከሞላ በጠቅላላው ላይ ሁለት በመቶ ያስቡልኝ” ማለት ሻጩን ወደ ስሌት ይወስደዋል። “ሁለት ይበዛል፣ አንተ ልጅ፣ አንድ ላድርግልህ” ቢል 1.5 ላይ መገናኘት ይቻላል። ወረቀቱን በተመለከተ “ለሒሳብ ሠራተኛዬ ያስፈልገዋል” ማለት በቂ ነው፤ እውነትም ነው፣ የሚያስከፋም የለበትም።

ግዥው ብቻውን ደረጃ የማይሞላለት ትንሽ ሱቅ ከጎረቤት ሱቆች ጋር ተደምሮ መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ግን ደረሰኙን ለእያንዳንዱ በየስሙ ቆርጦ፣ ተመላሹንም በየግዥው ድርሻ እንዲያከፋፍል በግልጽ መስማማት አለበት። ሁሉንም በአንድ ሰው ስም ገዝቶ መከፋፈል የዚያን ሰው የሽያጭ ሒሳብ ያበላሸዋል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 እንደሚያስቀምጠው፣ ልዩ ሁኔታ ካልተደነገገ በስተቀር ውል የተለየ ፎርም አይጠይቅም፤ በሕግ አግባብ የተደረገ ውልም በቁጥር 1731 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለቱ የፈረሙበት አንድ ገጽ ይበቃል። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፤

“ገዥ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው ጊዜ ከሻጭ በደረሰኝ የገዛው ዕቃ ዋጋ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስና የተመለሰ ዕቃ ተቀንሶ 5,000,000 ብር ሲሞላ 1 በመቶ፣ 6,000,000 ብር ሲሞላ 1.5 በመቶ ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ በጠቅላላው ላይ ታስቦ ይመለስለታል። ሻጭ በጽሑፍ ታዝዞ በ15 ቀን ውስጥ ያላቀረበው ዕቃ እንደተገዛ ይቆጠራል። ሒሳቡ በየስድስት ወሩ ተመሳክሮ፣ የመጨረሻው ተመላሽ እስከ ሐምሌ 30 ድረስ በክሬዲት ኖት ይከፈላል።”

ክሬዲት ኖት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሽያጭ በኋላ ዋጋ ሲቀንስ የተጨማሪ እሴት ታክሱም አብሮ ይስተካከላል። በምሳሌያችን ሻጩ በ93,000 ብር ላይ 15 በመቶ ቫት፣ ማለትም 13,950 ብር ጨምሮ የ106,950 ብር ክሬዲት ኖት ይጽፋል። እሱ ከሰበሰበው ቫት ላይ 13,950ውን ይቀንሳል፤ ገዥው ደግሞ ቀደም ሲል ካቀናነሰው የግዥ ቫት ላይ ያንኑ ያህል ይመልሳል። ለገዥው የሚቀረው ጥቅም 93,000ው ነው፤ 106,950ውን በሙሉ ትርፍ አድርጎ የመዘገበ ሰው በኦዲት ጊዜ ይደነግጣል። በፖስታ ታሽጎ በጥሬ ገንዘብ የተሰጠ ቦነስ ለሻጩ ወጪ ሆኖ አይያዝለትም፤ ለገዥውም ምንጩ ያልታወቀ ገቢ ነው። መደብሩ የሽርክና ሆኖ ፖስታውን አንዱ ሸሪክ ከተቀበለ ደግሞ ጠቡ ከግብር መሥሪያ ቤት በፊት ቤት ውስጥ ይጀምራል።

ሐምሌ 30 ደርሶ ሻጩ “ጥሬ ገንዘብ የለኝም፣ በዕቃ ውሰድ” ማለቱ የተለመደ ነው። መቀበል ይቻላል፤ ብቻ ዕቃውን የሚመርጠው ማነው፣ በየትኛው ቀን ዋጋስ ይታሰባል የሚለው መለየት አለበት። አልሸጥ ብሎት የከረመ ባለአበባ ሴራሚክ በዛሬ ዋጋ ተሰልቶ በ93,000 ብር ከተሰጠ፣ ቡታጅራ ደርሶ 60,000 ብር ላያወጣ ይችላል። ከዚያ ይልቅ ገንዘቡ ከነሐሴው የመስቀል ግዥ ላይ እንዲቀነስ መስማማት ይሻላል፤ ያን ጊዜ የሚጫነውን ዕቃ የሚመርጠው ገዥው ራሱ ነው።